ጉበት ብቻ የለመደች ድመትን ወደ ደረቅ ምግብ ማሻገር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ሉሉ የምትባል የ4 ዓመት ሴት ድመት አለችኝ። የማምከን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል፤ ክብደቷ 4.8 ኪሎ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትበላው ጥሬ የበሬ ጉበት ብቻ ነው፤ በቀን 150 ግራም ያህል፣ ከጥቂት ወተት ጋር። ሐኪም ጉበቱን አቁሙ ስላለን፣ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ፣ ደረቅ የድመት ምግብ ገዝተን ጉበቱን ባንዴ አቋረጥን። ይኸው ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሰችም፤ ሳህኑ ድረስ ትሄድና አሽትታ ትመለሳለች። እናቴ «ተያት፣ ሲርባት ትበላለች» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

ምላሽ፦

ከሁሉ አስቀድመው ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበው እንደጨረሱ፣ ጉበቱን ይመልሱላት። መሸነፍ እንዳይመስልዎት፤ ይህ ምርመራም ነው። ከለመደችው መጠን ሩብ ያህሉን፣ ማለትም 40 ግራም ገደማ፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ብርዱ የለቀቀው ጉበት ያቅርቡላትና አጠገቧ ሳይቆሙ ይመልከቷት። ተንደርድራ ከበላች ችግሩ ደረቁን ምግብ አለመቀበሏ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ቀሪውን በሁለትና በሦስት ሰዓት ልዩነት ጥቂት በጥቂት ይስጧት። አራት ዓመት ሙሉ የምትወደውን ጉበትም አሽትታ ከተወች ግን ጉዳዩ ከምግብ ምርጫ አልፏል፤ ነገን ሳይጠብቁ ዛሬ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት።

የእናትዎ ምክር ለውሻ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያስከትልም ነበር። የድመት ሰውነት ግን ከሥጋ በሚገኝ ፕሮቲን ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ምግብ ሲቋረጥበት እንደ ሌሎች እንስሳት ወጪውን ቀንሶ መቆየት አይችልም። ድመት ምግብ ስታጣ ሰውነቷ በቆዳ ሥርና በሆድ ዕቃ ያከማቸውን ስብ እያወጣ ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቷም ይህን ስብ አቀነባብሮ መልሶ ለማስወጣት ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ከምግብ ጋር አብሮ ተቋርጧል። በዚህ ምክንያት ስቡ በጉበት ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄድና አካሉ ሥራውን ያቆማል። የሰባ ጉበት የምንለው ሕመም ይህ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያጠቃውም ወፈር ያለችውንና በድንገት መብላት ያቆመችውን ድመት ነው፤ እንደየድመቷ ሁኔታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ከጀመረ በኋላ አስከፊ የሚያደርገው ሕመሙ ራሱ ማቅለሽለሽ ማምጣቱና የምግብ ፍላጎትን መዝጋቱ ነው፤ ስለዚህ ድመቷ በረሃብ ብዛት ትበላለች የተባለበት ቀን ሲደርስ መብላት የማትችልበት ቀን ሆኖ ይገኛል። እዚያ ደረጃ የደረሰች ድመት በአብዛኛው የምትድነው በአንገቷ በኩል በሚገባ ቱቦ ለሳምንታት እየተመገበች ነው። የድዷ፣ የጆሮዋ የውስጥ ቆዳ ወይም የዓይኗ ነጭ ክፍል ወደ ቢጫነት ካደላ ሕመሙ ገፍቷል።

በዚህ ምክንያት በሥራዬ የምከተለው ወሰን ጠበቅ ያለ ነው። አዋቂ ድመት 24 ሰዓት ምንም ካልበላች ለሐኪም ይደወላል፤ 48 ሰዓት ከሞላ ምግብ ስለመለወጥ መወያየት ይቆምና ትመረመራለች። ለግልገል ድመት ግማሽ ቀንም ብዙ ነው። ሉሉ ሁለተኛውን ወሰን ነክታለች፤ ስለዚህ ጉበቱን ብትበላም እንኳ የሚቀጥሉትን ሦስትና አራት ቀናት በየዕለቱ ድዷን ይዩ፣ ምን ያህል እንደበላችም ይጻፉ።

ሳህኑ ድረስ መሄዷን መጻፍዎ ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም የእምቢታዋ ዓይነት ምክንያቱን ይናገራል። አሽትታ ረጋ ብላ ዘወር የምትል፣ አንዳንዴም በእግሯ ሳህኑ ዙሪያ ወለሉን እንደምትቀብር የምትጭር ድመት ብዙውን ጊዜ ምግቡን ያልተቀበለች ጤነኛ ድመት ናት። አሽትታ ከንፈሯን ደጋግማ የምትልስ፣ ምራቅ የምትውጥ ወይም የምታዝረከርክ ከሆነ ያቅለሸልሻታል። ለመብላት ጓጉታ ጀምራ በአንድ በኩል ብቻ የምታኝክ ወይም ጉርሻውን የምትጥል ከሆነ አፏን ያማታል። ጉበት ብቻ በልተው ያደጉ ድመቶች ደግሞ ሌሎች እንስሳት ላይ ብዙም የማናየው ምክንያት አላቸው። ጉበት በቫይታሚን ኤ እጅግ የበለጸገ ነው፤ ይህ ቫይታሚን ለዓመታት ሲጠራቀም በአንገት አጥንቶች ዙሪያ ትርፍ አጥንት ያበቅላል፣ አንዳንዴም አጥንቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። እንዲህ የሆነች ድመት ወለል ላይ ወዳለ ሳህን አንገቷን ስትደፋ ያማታል፤ ከሩቅ ሲያዩዋት መራጭ ትመስላለች። ሉሉ ጀርባዋን መላስ ትታ ፀጉሯ ተቋጥሮ ከሆነ፣ ስትጠሯት አንገቷን ሳይሆን መላ ሰውነቷን የምታዞር ከሆነ፣ ሳህኑን ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ያስቀምጡና የአንገት ራጅ ያስነሱላት። ሐኪምዎ ጉበቱን አቁሙ ያለውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ በዚያ ላይ ጉበት ካልሲየም የለውም በሚባል ደረጃ ጥቂት ብቻ ነው ያለው።

እንግዲህ ጉበቱን በልታለች ብለን እንቀጥል። አዲሱን ምግብ ነገ መልሰው አያቅርቡላት። ድመት ስትራብና ስትጨነቅ አጠገቧ የነበረውን ሽታ ከዚያ ስሜት ጋር አያይዛ የመያዝ ጠባይ አላት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከረሃቧ ጋር የተቀመጠው ያ ደረቅ ምግብም ለጊዜው ጥሩ ስም የለውም። ቢያንስ አምስት ቀን ፓኬቱን ከዓይኗና ከአፍንጫዋ ያርቁ፤ ሲመለስም በሌላ ሳህን፣ ከተቻለም በሌላ ቦታ ይመለስ። ሳህኑ ጢሟ ጠርዙን የማይነካ፣ ዝርግ ቢሆን እመርጣለሁ።

እነዚህን አምስት ቀናት ለሌላ ለውጥ ይጠቀሙባቸው፤ ጥሬውን ጉበት ወደ ቅቅል ያሸጋግሩ። ጥሬ ሥጋ ከቶክሶፕላዝማ ጀምሮ በሽታ ወደ ቤት ሊያስገባ ስለሚችል ማብሰሉ በራሱ ይጠቅማል፤ እኔ ግን እዚህ የምፈልገው መረቁን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩቡን ብቻ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በፈላ ውኃ ጣል አድርገው በማውጣት ከጥሬው ጋር ከትፈው ይቀላቅሉት፤ በአምስተኛው ቀን ሁሉም የተቀቀለና ደቅቆ የተከተፈ ይሁን። ጨው፣ ቅመም፣ በተለይም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፈጽሞ አይግባበት፤ ሁለቱ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ለማስጎምጀት ብሎ የወጥ መረቅ ጠብ ማድረግም ያው ሽንኩርት መስጠት ነው። የተቀቀለበትን ውኃ አይድፉት፤ አዲሱ ምግብ የሉሉን አፍንጫ የሚያልፈው በዚያ ሽታ ተሸፍኖ ነው።

አሁን ስለ መጠን። 100 ግራም ጥሬ የበሬ ጉበት 135 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ስለዚህ 150 ግራሙ 200 ያህል ይሰጣታል፣ ወተቱ ጥቂት ይጨምርበታል። እንደ ሉሉ ላለች የመከነች የቤት ድመት በቀን ከ220 እስከ 230 ካሎሪ በቂ ነው። ደረቅ የድመት ምግብ እንደየዓይነቱ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ ጉበቱን ሙሉ በሙሉ የሚተካው 60 ግራም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ 150 ግራም ጉበት በ150 ግራም ደረቅ ምግብ ሊተካ ይሞክርና ሳህኑ ግማሹ ሲቀር አልበላችም ብሎ ይጨነቃል። በእጅ የሚያዘው ሒሳብ ቀላል ነው፤ 10 ግራም ደረቅ ምግብ በጨመሩ ቁጥር 25 ግራም ጉበት ይቀንሳሉ። ጉበቱን ሳይቀቀል ይመዝኑት፤ ሲቀቀል ውኃውን ስለሚያጣ ክብደቱ ያታልላል። ወተቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ በውኃ እያቀጠኑ ያቁሙት፤ አዋቂ ድመቶች አብዛኞቹ የወተትን ስኳር በደንብ ስለማይፈጩ ተቅማጥ ቢመጣ ጥፋቱ የወተቱ ይሁን የአዲሱ ምግብ መለየት ያስቸግርዎታል።

በፓኬቶች ጀርባ ላይ የሚጻፈው የ7 ወይም የ10 ቀን መርሐ ግብር የሚሠራው ከአንድ ደረቅ ምግብ ወደ ሌላ ደረቅ ምግብ ለምትሻገር ድመት ነው። ሉሉ የምትለውጠው ጣዕሙን ብቻ ሳይሆን የምግቡን ልስላሴ፣ እርጥበትና ሽታ ጭምር ነው፤ ድመት ደግሞ በአፏ ውስጥ የሚሰማትን የምግብ ይዘት የምትለምደው በግልገልነቷ ነው። ስለዚህ ስድስትና ሰባት ሳምንት ያስቡ። ከደረቁ ምግብ ጥቂቱን በሙቀጫ ወይም ለዚሁ ብቻ በተለየ የቡና መፍጫ አልመው ያድቅቁት። መጀመሪያ በቀን 2 ግራም፣ ማለትም አንድ ሞልቶ ያልፈሰሰ የሻይ ማንኪያ ያህል ዱቄት፣ በሦስት ገበታ ተከፍሎ በተከተፈው ጉበት ውስጥ ይግባ፤ ለብ ያለ መረቅ ይፍሰስበት። ለብ ያለ ስል የእርስዎን ክርን የማያቃጥልና የማያቀዘቅዝ፣ ወደ 38 ዲግሪ የተጠጋ ማለቴ ነው። ሽታው የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ከፍሪጅ በቀጥታ የወጣ ምግብ ግን ለድመት ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ሳህኑን ሦስት ቀን በተከታታይ ባዶ ካደረገች ወደ 5 ግራም፣ ከዚያ ወደ 10 ይሂዱ፤ በዚህ ጊዜ ጉበቱ 125 ግራም ይሆናል። ከ10 በኋላ በአራትና በአምስት ቀን አንዴ 10 ግራም ይጨምሩ፣ 25 ግራም ይቀንሱ። 20 ግራም ላይ ዱቄቱን ትተው ሸካራ አድርገው ይሰባብሩት፤ 40 ግራም ላይ ፍሬውን ሳይሰብሩ በለብ ያለ መረቅ ለ15 ደቂቃ አርሰው ያቅርቡት። 60 ላይ ስትደርስ ጉበቱ አልቋል፤ የሚቀረው መረቁን በውኃ መተካት፣ ከዚያ ውኃውን መቀነስ ነው። ፍጹም ደረቅ እንዲሆን ግን አልጣደፍም፤ ድመት በተፈጥሮዋ ውኃ የምትጠጣው ጥቂት ስለሆነ፣ እስከ ዕድሜ ልኳ ርሶ ቢቀርብላት ለሽንት ፊኛዋ መልካም ነው። የራሰው ምግብ በሞቃት ክፍል ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጥ። በየገበታው ግማሽ ሰዓት ጠብቀው ሳህኑን ያንሡ፤ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ምግብ ከቤቱ ዕቃ እንደ አንዱ ይቆጠራል።

እነዚህ ቀናት ግምት ናቸው፤ ፍጥነቱን የምትወስነው ሉሉ ናት። ከቀን ድርሻዋ ከግማሽ በታች ሁለት ቀን በተከታታይ ከበላች፣ ወይም ሰገራዋ ከላላ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ በላችበት ወደ መጨረሻው መጠን ይመለሱና እዚያ አንድ ሳምንት ይቆዩ። ወደ ዜሮ መመለስ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ካስፈለገም ያለ አንዳች ቅሬታ ይመለሱ።

አንድ ጊዜ የ6 ዓመት ወንድ ድመት ይዘው የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እሱም በጉበት ያደገ፣ 6 ኪሎ የሚመዝን ነበር። እስከ 30 ግራም ድረስ ሳይደናቀፍ ሄደ፤ ቤተሰቡም ይህን አይቶ በአንድ ቀን ከ30 ወደ 50 ዘለለ፣ በማግስቱ ደግሞ የጥገኛ ትል መድኃኒቱን ፈጭቶ እዚያው ሳህን ውስጥ ጨመረው። ድመቱ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ሳህኑ ያለበትን ክፍል ሸሸ። ስጠይቅ የመጀመሪያው ስሕተት ብቻ ነበር የተነገረኝ፤ መድኃኒቱ የተሰማው በሦስተኛው ጥያቄ ነው። ሳህኑን ለወጥን፣ ገበታውን ወደ ሌላ ክፍል አዛወርን፣ ወደ 10 ግራም ተመልሰን አንድ ሳምንት ቆየንና እንደገና ወጣን። በድምሩ አሥር ሳምንት ፈጀ። መድኃኒት ከማሸጋገሪያው ምግብ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው። በጣት ወይም በመርፌ ሲሪንጅ በግድ ማጉረስም ተመሳሳይ ጥላቻ ያተርፋል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋም አለው። አልበላ ያለችን ድመት ያመማት መስሎት ፓራሲታሞል የሚሰጥ ሰውም አጋጥሞኛል፤ አንዲት ፍሬ ድመትን ልትገድል ትችላለች። የምግብ ፍላጎት የሚከፍቱና ማቅለሽለሽ የሚያስቆሙ ለድመት የተመጠኑ መድኃኒቶች አሉ፤ እነሱን ግን የሚያዝዘው የመረመራት ሐኪም ነው።

ስለ ፓኬቱ ሁለት ነገር ልጨምር። በላዩ ላይ ለአዋቂ ድመት የተዘጋጀ ሙሉና የተመጣጠነ ምግብ መሆኑ መጻፍ አለበት፤ የውሻ ምግብ በዋጋ ቢረክስም ለድመት የሚያስፈልጋትን ታውሪን በበቂ አይይዝም፤ የታውሪን እጥረት ደግሞ ዓይንና ልብ ይጎዳል። ሁለተኛ፣ ተከፍቶ በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጠውን አይግዙ። ስቡ አየር ሲያገኝ ይበላሻል፤ እኛ የማናሸተውን ብልሽት እሷ ታሸትተዋለች፤ አንዳንዴ መራጭ የምንላት ድመት ትክክለኛ ፍርድ የሰጠች ናት። አንድ ምግብ እምቢ ስትል በማግስቱ ሌላ ዓይነት መግዛትም አይረዳም፤ በየቀኑ አዲስ ነገር የሚመጣላት ድመት መጠበቅን ትለምዳለች። አንድ ምግብ ይምረጡና በሱ ይጽኑ።

ክብደቷን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከመብላቷ በፊት ይመዝኑ። ሰው የሚቆምበት ሚዛን ለዚህ ሻካራ ነው፤ የሕፃናት ሚዛን ወይም ድመቷን በመያዣ ቦርሳዋ ውስጥ አድርገው የሚያንጠለጥሉበት የሻንጣ ሚዛን ይሻላል። ሉሉ በሳምንት እስከ 50 ግራም ብትቀንስ አልሰጋም፤ ከ100 ግራም በላይ ከቀነሰች ሳህኑ ባዶ ቢሆንም ወደ ኋላ ይመለሱ፣ ደግሞም ምግቡን ሌላ እንስሳ እየበላባት እንዳይሆን ያጣሩ።

የሁዳዴው ነገር እንዳያስቸኩልዎት። እስከ ሰባተኛው ሳምንት የሚያስፈልጋት ጉበት በጠቅላላው ከ5 ኪሎ አይበልጥም፤ ቅበላ ሳያልፍ ገዝተው፣ የየቀኑን ድርሻ በጥሬው መዝነው ቀቅለው፣ በየፌስታሉ ከፍለው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሁለትና ሦስት ወር ይቆያል። መረቁን በበረዶ መሥሪያው ሳህን ላይ ያርጉት፤ በየገበታው አንድ ፍሬ አሙቆ ማፍሰስ ይበቃል። በየፌስታሉ ላይ የሚጻፈው ከቀን ይልቅ ግራሙ ይሁን፤ 125 የተጻፈበትን ከጨረሰች በኋላ 100 የተጻፈበት የሚከፈተው ሉሉ ሳህኑን ስትልስ ነው።